«እነሱ 38 ቡና ቆጠሩ፤ እኔ የተከልኩት 61 ነው»

*ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በደቡብ በኩል ባለች ትንሽ ከተማ ዳር ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ሩብ ሄክታር የማትሞላ ይዞታ አለችን። ደብተሩ በሁለታችን ስም ነው፤ ፎቶአችንም ጎን ለጎን አለ። አሁን በላይዋ ላይ መንገድ ያልፋል ተባለ። መንገዱን አልጠላሁም። ልጄ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ ጭቃ ነው።*

*ኮሚቴው ሲለካ እኔ ገበያ ነበርኩ። ቤት የነበረው ትንሹ ልጄ ብቻ ነው። በአንድ ከሰዓት ሦስት ግቢ ለክተው ሄዱ። የካቲት 4 ቀን ወረቀት ሰጡኝ። ጠቅላላ 312,400 ብር ይላል። ቤቱን «42 ካሬ፣ የጭቃ ቤት፣ ወለሉ አፈር» ብለውታል። ወለሉን ሲሚንቶ ያደረግነው ባለቤቴ በሕይወት እያለ ነው። ኮርኒስም አለው። ቡናው 38 እግር ይላል። እኔ 61 ነው የተከልኩት። የውሃ ጉድጓዱና ማድቤቱ ከነጭራሹ የሉም። የጓሮው በቆሎ ማሳም ስሙ አልተነሣም።*

*የባለቤቴ ወንድም «ከመንግሥት ጋር ምን አጋጨሽ፣ ፈርመሽ ተቀበይ፣ ካልሆነ እሱም ይቀርብሻል» ይለኛል። ጎረቤቶቼ ተቀብለዋል። ጽሕፈት ቤቱ ሁለቴ ሄጄ ተናገርኩ። አንዱ «እናያለን» አለኝ፤ ሌላው «ልማት አትፈልጊም እንዴ?» አለኝ። ደላላ ደግሞ ቦታው ቢሸጥ ሁለት ሚሊዮን ያወጣ ነበር ይላል። እንቅልፍ አጣሁ። ልፈርም ወይስ ልከራከር? ከየት ልጀምር?*

*ቡናዬን የማውቅ፤ የካቲት 16 ቀን*

---

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀን እንቁጠር። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ወረቀቱ እጅሽ የገባው የካቲት 4 ነው። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሣ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለአቤቱታ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። ወራችን 30 ቀን መሆኑ ሒሳቡን ያቀልልናል፤ ቀነ ገደብሽ መጋቢት 4 ላይ ይወድቃል። አንቺ ግን መጋቢት 1 ያበቃል ብለሽ ያዢው። የመጨረሻው ቀን ላይ ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ መብራት የለም። ይሄን እኔም አንቺም እናውቀዋለን። ደብዳቤሽን ከሌሎቹ አስቀድሜ ያወጣሁትም ለዚህ ነው።

ሁለቴ ሄደሽ ተናግረሻል። አዝናለሁ፣ እሱ አይቆጠርልሽም። በዚህ ጉዳይ በአፍ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ነው። ይህን የማውቀው ከቤታችን ነው። የአባቴ ግቢ ለሥራ በተወሰደ ጊዜ ወንድሞቼ ወር ሙሉ ቢሮ ተመላልሰዋል። ጮኸዋል፣ ተለማምጠዋል፣ አንዱ ያለቀሰም ይመስለኛል። «እየታየ ነው» ይባሉ ነበር። በመጨረሻ የሚያነብ ሰው አግኝተን ስናስነብብ ጊዜው አልፏል፤ በእጃችን አንድ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የለም። ስለዚህ ያንቺ «እናያለን» ሲሰማኝ ጆሮዬ ቆመ።

አሁን ወረቀትሽን አውጪና ፊርማሽ ያለበትን ቦታ እዪ። እስካሁን ፈርመሽ ከሆነ ከፊርማው በላይ ያለው ቃል ምንድን ነው? «ደርሶኛል» ነው ወይስ «ተስማምቻለሁ»? ልዩነቱ ሰፊ ነው። «ደርሶኛል» ማለት ወረቀቱን ተቀበልኩ ማለት ብቻ ነው። ገና አልፈረምሽ ከሆነ ደግሞ ከፊርማሽ አጠገብ በራስሽ እጅ «ወረቀቱ ደርሶኛል፤ በቆጠራውና በካሣው መጠን አልተስማማሁም» ብለሽ ጻፊና ቀኑን አስፍሪ። ገንዘቡ ሲከፈልም እንደዚሁ። ባለጉዳዩን የሚያስፈርመው ሰው ሊቆጣ ይችላል። በትሕትና «ልጽፍ ነው፣ ከዚያ እፈርማለሁ» በይው። ቀን ያለበትን የወረቀቱን ፎቶም አንሺ።

ደላላውን አንድ ጊዜ አንስተን እንተወው። ሁለት ሚሊዮኑን ከጭንቅላትሽ አውጪ። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ካሣው የሚሰላው መሬቱ ቢሸጥ በሚያወጣው አይደለም። የሚከፈለው በላዩ ላይ ላለው ንብረት፣ በመሬቱ ላይ ላደረግሽው ቋሚ ማሻሻያ፣ ከዚያ ደግሞ በመነሣትሽ ለሚቋረጠው ገቢሽ ነው። አቤቱታሽ ላይ «ገበያው ሁለት ሚሊዮን ነው» ብለሽ ከጀመርሽ አንባቢው ገና በመጀመሪያው መስመር ይዘጋዋል፤ ከታች የጻፍሽው እውነተኛ ስሕተትም አብሮ ይቀራል።

ያው አንቀጽ 40 ግን ወደ መጨረሻው ላይ ላንቺ የሚሆን ነገር አለው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ በቅድሚያ ተመጣጣኝ ካሣ ይከፍላል ይላል። እንግዲህ «ልማት አትፈልጊም እንዴ?» ላለሽ ሰው መልስ አለሽ። መንገዱን ደግፈሽ ቡናሽን ማስቆጠር ትችያለሽ። ሁለቱን ያጋጨው እሱ ነው። አቤቱታሽንም በዚያው ጀምሪ፦ «የመንገዱን ሥራ አልቃወምም። የምጠይቀው ቆጠራው እንዲታረም ነው።» ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ፊት ታለዝባለች።

ወደ ዋናው ልምጣ። የካሣ ወረቀት ሲታይ አንድ ትልቅ ቁጥር ይመስላል። ሲፈታ ግን ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ነው የተባለው፣ ምን ዓይነት ነው የተባለው፣ አንዱ ስንት ብር ነው የተባለው። ስሕተት ከሦስቱ በአንዱ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማሳረም በአንጻሩ ቀላል ነው፤ ዓይን ያለው ሰው መጥቶ ያየዋል። ሦስተኛው፣ ማለትም ነጠላ ዋጋው፣ ከባድ ነው። እሱ የሚወጣው በክልል ወይም በከተማ ደረጃ ነው፤ ያንቺ ቀበሌ አይቀይረውም። ለእሱ ያለኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ የነጠላ ዋጋው ሰነድ መቼ እንደወጣ ጠይቂ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ በዓመት ውስጥ ስንት እንደጨመረ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂያለሽ። ሰነዱ አሮጌ ከሆነ እሱን ጽፈሽ አስይዢ። ጉልበትሽን ግን ቆጠራውና ዓይነቱ ላይ አውዪው። አሸናፊነትሽ ያለው እዚያ ነው።

ከቤቱ እንጀምር። 42 ካሬ ብለውታል። በአንድ ካሬ 4,100 ብር ተባዝቶ 172,200 ብር እንደወጣ ከላክሽልኝ ፎቶ አይቻለሁ። አሁን ሜትር ከጎረቤት ተዋሺና ራስሽ ለኪው። አንድ ልጅ አንዱን ጫፍ ይያዝ። በውስጥ በኩል ሳይሆን በውጭ በኩል፣ ከግድግዳ ጥግ እስከ ግድግዳ ጥግ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የቸኮለ ሰው ክፍሉን ከውስጥ ይለካል፣ የግድግዳው ውፍረት ይቀራል። አንዳንዴም ጓዳው ይረሳል። በደብዳቤሽ ጀርባ በጻፍሽው ልኬት ቤትሽ በውጭ 8 ሜትር በ6.5 ነው። ይህ 52 ካሬ ይሆናል። ልኬቱ ትክክል ከሆነ አሥር ካሬ ጠፍቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ዓይነቱ። የጭቃ ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። በዋጋ ሰንጠረዡ ውስጥ ወለሉ አፈር የሆነና ሲሚንቶ የሆነ፣ ኮርኒስ ያለውና የሌለው የተለያየ ረድፍ ላይ ናቸው። በላክሽልኝ ሰንጠረዥ ላይ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ኮርኒስ ላለው የጭቃ ቤት 5,300 ብር ተጽፏል። ስለዚህ 52 ሲባዛ በ5,300 ልክ 275,600 ብር ይመጣል። በቤቱ ብቻ የ103,400 ብር ልዩነት ነው። ልብ በዪ፣ አንድም ዋጋ ከራስሽ አላመጣሽም። በእነሱ ሰንጠረዥ፣ በእነሱ ሒሳብ ነው የተከራከርሽው። እንዲህ ያለ አቤቱታን «ስሜታዊ ናት» ብሎ መመለስ አይቻልም።

ቤቱ ላይ ሌላም የምታዪው ነገር አለ። ከዋጋው ላይ «እርጅና» ተብሎ የተቀነሰ ነገር አለ? ቤቱ 14 ዓመቱ ነው ብለሻል። አዋጁ የንብረት ካሣ የሚሸፍነው ንብረቱን እንደ አዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ነው ይላል። አሮጌ ቤት ፈርሶብሽ በአሮጌ ዋጋ አዲስ ግድግዳ አታቆሚም። የእርጅና ቅናሽ ካገኘሽ በአቤቱታው ላይ ለብቻው አንድ አንቀጽ ስጪው።

አሁን ቡናው። ወረቀቱ 38 እግር ይላል፤ 24ቱ ያፈራ፣ 14ቱ ያልደረሰ። ላፈራው በእግር 1,900 ብር፣ ላልደረሰው 450 ብር። በድምሩ 51,900 ብር። አንቺ ግን 61 ነው፣ ከ9ኙ ችግኝ በቀር ሁሉም ያፈራሉ ትያለሽ። እንዲያ ከሆነ 52ቱ በ1,900 ሲባዙ 98,800፣ 9ኙ በ450 ሲባዙ 4,050፣ አንድ ላይ 102,850 ብር። ልዩነቱ 50,950 ብር ነው። ልጅ ብቻ ባለበት፣ በእንሰትና በቡና ጥላ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የተቆጠረ ቡና ቢጎድል አይገርመኝም። ክፋት ነው ለማለት አልቸኩልም። ሦስት ግቢ በአንድ ከሰዓት ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ግን 61 መሆኑን እንዴት ታሳያለሽ? «እኔ ነኝ የተከልኩት» ማለት ለእኔ በቂ ነው፤ ለጽሕፈት ቤቱ ግን አይበቃም። እንዲህ አድርጊ። ቀይ ክር ወይም የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ያዢ። በእያንዳንዱ እግር ቡና ላይ እሰሪ፣ ቁጥሩንም በካርቶን ቁራጭ ጽፈሽ አንጠልጥዪበት፦ 1፣ 2፣ 3 እያልሽ። ያልደረሱት ላይ ሌላ ቀለም ይሁን። ከዚያ ሁለት ጎረቤትና አንድ የአካባቢ ሽማግሌ ጠርተሽ አብረውሽ ይቁጠሩ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ፈቃደኛ ከሆነ እሱ ቢኖር ደግሞ እጅግ ይሻላል፤ የቱ እንዳፈራ የቱ እንዳልደረሰ የሱ ቃል ይሰማል። የቆጠሩትን በአንድ ወረቀት ጽፈው፣ ቀን አድርገው ይፈርሙ። ቪዲዮም በስልክ አንሺ፤ ከበሩ ጀምረሽ ሳታቋርጪ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ እየጠራሽ። ጉድጓዱ ጋ ስትደርሺ ድንጋይ በገመድ አውርደሽ ጥልቀቱን ለኪ፣ ገመዱንም አሳዪ። ማድቤቱን፣ መጸዳጃውን፣ አጥሩን አትዝለዪ። ወለሉን ስታሳዪ ምንጣፉን ገልጠሽ ሲሚንቶው ይታይ። የሲሚንቶው ደረሰኝ ባለቤትሽ ያስቀመጠበት ቦታ ካለ ፈልጊው፤ ከሌለ ግን አትጨነቂ፣ ወለሉ ራሱ ምስክር ነው።

ይህን ሁሉ ለምን በዚህ ሳምንት እንደምልሽ ታውቂያለሽ። ዶዘር ካለፈ በኋላ 38ም 61ም አንድ ናቸው።

አሁን ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሌለው ነገር። የበቆሎው ማሳ። ካነበብኩት ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው፤ አንቺ ግን በአንዲት መስመር ነው ያለፍሽው። ገበሬ ከመሬቱ ሲነሣ የሚከፈለው ለቤቱና ለተክሉ ብቻ አይደለም። ከመሬቱ ያገኝ የነበረው ገቢ መቋረጡም ካሣ አለው፤ ሰው የመፈናቀያ ካሣ የሚለው ማለት ነው። የ2011ዱ አዋጅ ሲወጣ ምትክ መሬት ላላገኘ በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ያስቀመጠው፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ትልቁ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ በአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ላይ ተመሥርቶ አሥር እጥፍ ነበር። አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1336 ተሻሽሎ ካሣ የመክፈሉ ኃላፊነት ወደ ክልሎች ዞሯል። ስለዚህ ስሌቱ ዛሬ በክልላችሁ በየትኛው ደንብ፣ በስንት ተባዝቶ እንደሚሠራ በጽሑፍ እንዲያስረዱሽ ጠይቂ። በወረቀትሽ ላይ ግን ጭራሹኑ ረድፉ የለም። ለቤትና ለተክል ብቻ ከፍለው መሬቱን ሊወስዱት ነው ማለት ነው፤ ወይም ምትክ መሬት ታስቦልሻል፣ አልነገሩሽም። የቱ እንደሆነ መጠየቅ መብትሽ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሊሆን የሚችለውም እዚህ ጋ ነው።

ለዚህ የሦስቱን ዓመት ምርት አስታውሺ። የትኛው ዓመት በቆሎው ጥሩ ሰጠ? ስንት ኩንታል? ለማን ሸጥሽ? ነጋዴው ደብተሩ ላይ ጽፎሽ ይሆናል፤ ለማኅበር ሸጠሽ ከሆነም እዚያ መዝገብ አለ። የተሻለውን ዓመት አውጪው፣ በማስረጃ አስደግፊው።

ማስረጃው ከተሰበሰበ አቤቱታው ራሱ አጭር ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሂጂ፣ ነገር ግን አጻጻፉን እሱ እንዲወስንልሽ አትፍቀጂ። «ክቡርነትዎ» ብሎ ሁለት ገጽ ሊያለቃቅስልሽ ይችላል። ዕንባው ይቅር፣ ቁጥሩ ይግባ። ይዞታሽ የት እንደሆነ፣ ወረቀቱ መቼ እንደደረሰሽ፣ በወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ በግቢው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ። መጨረሻ ላይ የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው፦ ባለሙያ መጥቶ አንቺ ባለሽበት በድጋሚ እንዲለካና እንዲቆጠር፣ ከዚያም ካሣው እንደገና እንዲሰላ። ግምቱን ማን እንደሠራውም ጠይቂ። በአዋጁ መሠረት ግምት በቅድሚያ የሚሠራው ፈቃድ ባላቸው ገማቾች ነው፤ ባለሙያ ያሉበት ኮሚቴ የሚመጣው እነሱ ከሌሉ ነው። ኮሚቴ ከሆነ በውስጡ የግንባታና የግብርና ባለሙያ ነበር? ልጅሽን ጠይቂው፣ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ያስታውሳሉ።

የምታስገቢው አቤቱታ ሰሚ አካል ለሚባለው ነው። ለገመተው ጽሕፈት ቤት ብቻ ሰጥተሽ እንዳትመለሺ፤ የተለየ አካል ነው። በሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። አንዱ እዚያ ይቀራል፤ በሌላው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያሳርፍበት። ያ ወረቀት ከደብተርሽ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ማኅተሙን ሳያሳርፉ «ተዪው፣ ይደርሳል» ካሉሽ አትውጪ። ወንበር ስበሽ ተቀመጪ።

እነሱም 30 ቀን አላቸው፤ ውሳኔውን በጽሑፍ ይሰጡሻል። ካልጣመሽ በሌላ 30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ወደሚባለው ትሄጃለሽ። እሱም ካልሆነ በ30 ቀን ውስጥ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። በየደረጃው ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው በጽሑፍ ከደረሰሽ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ የደረሰሽን ቀን በየወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፊ። ጊዜው አልፎ መልስ ከጠፋ መልሱን በደብዳቤ ጠይቂ፣ እሱንም በማኅተም። ያንቺ ዓይነቱ፣ የቆጠራ ስሕተት የሆነው፣ ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ድጋሚ ልኬት ሲታዘዝ የሚያልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። የነጠላ ዋጋው ክርክር ከሆነ ግን እስከ ላይ ሊሄድ ይችላል። እዚያ ስትደርሺ ጠበቃ ያስፈልግሻል፤ ያኔ ቁጭ ብለሽ ወጪውንና የሚገኘውን ታስተያያለሽ። ዛሬ ስለ እሱ እንቅልፍ አትጪ።

አንድ ደረቅ እውነትም ልንገርሽ። በካሣው መጠን ላይ መከራከርሽ መንገዱን አያቆመውም። አልቀበልም ብለሽ ብትቀሪ ገንዘቡ በዝግ ሂሳብ ይቀመጣል እንጂ መሬቱ አይቀርልሽም። ከተከፈለሽ በኋላ ለማስረከብ 120 ቀን አለሽ። ስለዚህ «ካሣው እስኪስተካከል አልነሣም» ከማለት «አስረክባለሁ፣ ግን አልተስማማሁም» ማለቱ ለአንቺ ይሻላል። ይሄ ሽንፈት መስሎ ይታይሽ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ሌላ ጣራ ትፈልጊያለሽ፤ ቡናው ከደረሰም ለቅመሽ ትወስጃለሽ።

አሁን ስለ ባለቤትሽ ወንድም። በደብዳቤሽ ውስጥ ስሙን ስታነሺ እጅሽ የከበደ መሰለኝ። ምናልባት ሰውዬው ከልቡ ፈርቶልሽ ነው። ከመንግሥት ጋር መካረር ያስፈራል፤ እሱም ያደገው በዚያ ፍርሃት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ገንዘቡ የሚገባው በማን ሂሳብ ነው? በሟች ባለቤትሽ ድርሻ ላይ የውርስ ነገር ተጣርቷል? የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ለልጆችሽ አውጥተሻል? ካላወጣሽ ከአቤቱታው ጎን ለጎን ጀምሪው፤ ካሣው ሲመጣ «ወራሹ ማነው» ተብሎ እንዳይቆም። ሂሳቡም በራስሽ ስም ይከፈት። ለእሱ «አልተማመንኩህም» ማለት የለብሽም። «ደብተሩ ላይ ያለው የእኔና የወንድምህ ፎቶ ነው፣ የልጆቹንም አደራ እኔ ነኝ የያዝኩት» በይው። ቡናው ሲቆጠርም ጥሪው። ከሽማግሌው ጋር አብሮ ቆጥሮ 61 ላይ ሲደርስ «ፈርሚና ተቀበይ» ማለቱ እንዳሁኑ የሚቀለው አይመስለኝም።

የተቀበሉት ጎረቤቶችሽስ? አትፍረጂባቸው፤ ግን ወረቀታቸውን እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው። የእነሱም ማድቤት ተረስቶ ከሆነ፣ ወረቀቱ የደረሳቸው ካንቺ ጋር ከሆነ፣ ለእነሱም እስከ መጋቢት 4 ቀን አለ። ሦስት ግቢ በአንድ ከሰዓት የተለካ ከሆነ ስሕተቱ ያንቺ ግቢ ጋ ብቻ ነው የቆመው ብዬ አላስብም። ሦስት አቤቱታ በአንድ ጠዋት ሲገባ ደግሞ «ልማት አትፈልጊም እንዴ?» የሚለው ሰው ድምፁ ቀነስ ይላል።

ነገ ጠዋት ቡና ካፈላሽ በኋላ ክሩን አውጪ። ትንሹ ልጅሽ ካርቶኑን ይቁረጥልሽ፣ ትልቋ ቁጥር ትጻፍ። የገቢ ቁጥሩን ስታገኚ ጻፊልኝ።